እጄ እንኳን አይሸትም

የቪዲዮው የመጀመሪያ ጽሑፍ በማስመሪያ የተሠራ ሠንጠረዥ ነበር። በግራ በኩል ሰከንዶቹ፣ በመሀል ካሜራው የሚያየው፣ በቀኝ በኩል የሚባለው። ከዜሮ እስከ ሁለት፦ በቢላዋ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ዓይን ያነባል። ከሁለት እስከ ሦስት፦ የመክተፊያው ክዳን ተጭኖ ይዞራል። ከሦስት እስከ ስምንት፦ ገመዱ እየተደጋገመ ይሳባል። ከስምንት እስከ አሥር፦ ክዳኑ ይነሳል፤ ዕቃው ወደ ካሜራው ያዘነብላል። በቀኝ በኩል ያለው የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ነበር። ምን እንደሚባልበት ሳላውቅ ነው አል ጁርፍ ወዳለው መጋዘን የሄድኩት።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያኔ በወረርሽኙ ክፍላችን ተዘግቶ ትምህርቱ ወደ ስልክና ወደ ላፕቶፕ ከዞረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። የምኖረው ከሻርጃ አጠገብ፣ አል ኑዓይሚያ፣ ከእህቴ ጋር ነው። እህቴ በፊት አል ጋርሁድ ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት ትሠራ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ሲቆሙ እሷንም የሥራ ባልደረባዋንም ያለ ደመወዝ ቤታችሁ ቆዩ አሏቸው። ይህ ባልደረባዋ ነው አለቃዬ የሆነው። አል ጁርፍ ውስጥ ከአንድ መጋዘን ጥግ ተከራይቶ የወጥ ቤት ዕቃ በስልክ ይሸጥ ነበር፤ ገዢዎቹ በየማዳሙ ቤት የሚሠሩ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው። ያማረ አማርኛ የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ እህቴ እኔን ነገረችው። ጋሼ እለዋለሁ። ያዘዘኝን ሁሉ ከታዘዝኩት በላይ አድርጌ ማምጣት እወድ ነበር።

መክተፊያው ቀላል ዕቃ ነው። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ሳህን፣ መሀሉ ላይ የሚቆም ሦስት ምላጭ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ እጀታ ያለው ገመድ አለው። ገመዱ ሲሳብ ምላጩ ይሽከረከራል፤ ሲለቀቅ ገመዱ ራሱ ተመልሶ ይጠቀለላል። ኤሌክትሪክ የለውም። ጋሼ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፦ ቪዲዮው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ መቀረጽ አለበት።

«የበፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ቀርጸሽ ብትቀጥዪው አያምኑሽም» አለኝ። «እነዚህ ሴቶች በጆንያ ሽንኩርት የከተፉ ናቸው። አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ትንፋሽ። ግማሹን በቢላዋ፣ ግማሹን በዕቃው። ውሸት የለም።»

ደግሞም እጅ ያስፈልገዋል አለ፤ ሽንኩርት የሚያውቅ እጅ። የእኔን እጅ አይቶ ሳቀ። እኔም ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው በቢድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል አልጋ ብቻ ተከራይተው፣ የሚኖሩትን እትዬን አሰብኩ። እትዬ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ሻርጃ ውስጥ አንድ ቤት ይሠራሉ። ከምግብ ማብሰሉ ሌላ ዋናው ሹግላቸው፣ ማለትም ሥራቸው፣ የማዳም እናት የሆነችውን ትልቋን ማዳም መመገብና ማጠብ ነበር። የትልቋ ማዳም እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያ አይዝላትም። አውቶቡስ ሲቆም የቤቱ ሹፌር ጠዋት እየመጣ ይወስዳቸው ጀመር።

ማክሰኞ ዕረፍታቸው ስለነበር ጋሼ በመኪናው ሁለታችንንም ወሰደን። ሁላችንም ጭምብል አድርገናል፤ መስኮቶቹ ተከፍተዋል። እትዬ ከኋላ ተቀምጠው ስለ ሰኞ ውሏቸው እየሳቁ ያወሩን ነበር።

«ሽንኩርቱን አሳረርኩባት እኮ! ማዳም ሳሎን ሆና ሸትቷት እየጮኸች መጣች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ድስት አጥባለሁ። ዞር ስል ጭስ።»

«ምን ሆነው ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ጾም ነዋ። ሁዳዴ አደነዘዘኝ። የእነሱን ሾርባ አልቀምሰውም፤ ሥጋ አለበት። እያሸተትኩ ነው በሰለ፣ አልበሰለም የምለው። ዘንድሮ አፍንጫዬም አብሮኝ ጾመ።»

ጋሼ በመስታወቱ አያቸውና «ሽሮውስ እንዴት ነው?» አላቸው።

«ሽሮ ነው የምትለኝ? አመድ ነው። ከእሑድ ጀምሮ አመድ ነው የምበላው።»

«በሁዳዴ መጨረሻ እንዲህ ነው» አለ ጋሼ። «እናቴም ምላሴ ሞተ ትል ነበር።»

ሦስታችንም ጾመኞች ነን። እኔም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ አፌንም መሮኛል። ስለዚህ የተናገሩት ነገር እንግዳ አልሆነብኝም። እንዲያውም እስኪፈታ ስንት ቀን እንደቀረው ተጫወትን።

መጋዘኑ ውስጥ በካርቶኖቹ መካከል ጠረጴዛ አቆምን። መብራቱን በግራ በኩል አደረግኩት፤ ከፊት ከሆነ በሳህኑ ፕላስቲክ ላይ ያንጸባርቅና ውስጡን ይሸፍነዋል። ሽንኩርቱን ልጬ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን ግማሽ መክተፊያ ጣውላው ላይ፣ ሌላውን ለአራት ሰንጥቄ ሳህኑ ውስጥ አደረግኩት። ከግማሽ በላይ ከተሞላ ምላጩ ይያዛል፤ ይህን በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ሽንኩርት ጠቅጥቄ ገመዱ አልሳብ ሲለኝ ተማርኩት።

እትዬ ደግሞ ገመዱን በአንዴ አወቁበት። «ረጅም አትሳቢው» አሉኝ። «ገመዱን እስከ መጨረሻ ከጎተትሽው ሲመለስ ጊዜ ይበላል። አጭር፣ አጭር። አምስት ለሰላጣ ነው። አሥር ለወጥ። ከሃያ ካለፍሽ ውኃ ይሆንብሻል፤ ሲቁላላም ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።» ይህን ጻፍኩት። አሥር የሚለው ቁጥር የመጣው ከእሳቸው ነው።

ጋሼ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ሰከንድ ይቆጥራል። በመጀመሪያው ቀረጻ አሥራ አራት ሰከንድ ሆነብን። በሁለተኛው ክዳኑ ሳይገጥም ተሳበና ቁራጮቹ ወደ ጎን ተረጩ። በሦስተኛው ሁሉም ደህና ነበር፤ በቢላዋው ጊዜ የእትዬ ዓይን እንደታሰበው እንባ አቀረረ፤ ግን የመጨረሻው ሁለት ሰከንድ ዝም ያለ ነበር። እትዬ ሳህኑን አዘንብለው ወደ እኔ አዩ።

«ምን ልበል?»

«በልባቸው የመጣውን ይበሉ» አልኳቸው።

እትዬ ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው የተከተፈውን ሽንኩርት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ በእውነት በመገረም፣ «ዋላሂ፣ እጄ እንኳን አይሸትም!» አሉ።

ጋሼ በሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። «እሷ ናት! እሷን ጻፊያት!» አለኝ። ወደ እትዬም ዞሮ «እታለም፣ አንቺ እኮ ተዋናይ ነሽ!»

ሽንኩርቱን እኔ አሽትቼዋለሁ። ኃይለኛ ነበር፤ ጭምብል አልፎ ዓይን ያቃጥል ነበር። እትዬም ዓይናቸው አንብቷል። ዓይን ማንባትና አፍንጫ ማሽተት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እትዬ እኔን ደስ ለማሰኘት ትንሽ ዋሹልኝ። እኔም ውለታ ቆጠርኩት። «ውሸት የለም» ያለው ጋሼም ዕቃውን ወደ አፍንጫው አላስጠጋም። አራተኛውን ቀረጻ ስናደርግ እትዬ ቃሉን በዚያው ድምፅ ደገሙት፤ ጣታቸውን እያሸተቱ። አሥር ሰከንድ ልክ ሆነ። በባዶው ሳጥን ውስጥ በጥሩ ጽሕፈት አሰፈርኩት፦ እጄ እንኳን አይሸትም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ የራሴን ጣት አሸተትኩ። ይሸት ነበር።

ረቡዕ ቪዲዮውን አስተካከልኩ። መቁረጥ የለም፤ ድምፁን ከፍ ማድረግና ጽሑፍ መለጠፍ ብቻ ነው። ግን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲያልቅ ራሱ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቢላዋ፣ እንባ፣ ገመድ፣ ክዳን፣ እጄ እንኳን አይሸትም፤ ቢላዋ፣ እንባ፣ ገመድ። ጠዋቱን በሙሉ አየሁት። እኩለ ቀን ላይ ጋሼ «ያላ፣ ልቀቂው» አለኝ፤ ለቀቅኩት።

ሰዎቹ ወደዱት። «የሁዳዴ መድኃኒት» ያሉ ነበሩ። «እናቴን መሰሉኝ» ያሉም ነበሩ። አንዷ «እማማ ሲያለቅሱ አብሬ አለቀስኩ» ብላ ጻፈች። ለእያንዳንዱ በትሕትና መልስ እሰጥ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አንዲት ሴት እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እህቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ጣሊያን አገር አዛውንት እንከባከባለሁ። እዚህ የሚታመሙት ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠፋባቸው ማሽተት ነው። እናታችን እውነት እጃቸው ካልሸተታቸው ያስመርምሩ፤ ከአዛውንት ጋርም አይቀመጡ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መኪናው ውስጥ የሰማሁት ሁሉ በተራ መጣ። ያረረው ሽንኩርት። አመድ የሆነው ሽሮ። ከእሑድ ጀምሮ።

እትዬ ከእኔ ሁለት ፎቅ ታች ነበሩ። ደረጃው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን የደወልኩት ለጋሼ ነው።

«ወሬ ነው» አለኝ። «በየቀኑ አዲስ ነገር ይወራል፤ ሙዝም ቫይረሱን ይገድለዋል ሲሉ ነበር። እትዬሽ ጾመኛ ናት፣ ሰምተሻል። አሁን ሄደሽ ብትነግሪያት ምን ይሆናል መሰለሽ? አምስት ሴት አብሯት ይተኛል። ሁሉም ይዘጋባቸዋል፤ ሥራዋም ኸላስ፣ አለቀ። የማውቀው ሐኪም አለ፤ ልጠይቀውና ነገ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ለማንም ምንም አትበዪ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ክፉ ሰው አይደለም። የሚለው ነገርም ትክክል ነበር፦ ከሕንፃችን አንድ ክፍል ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ወደ ለይቶ ማቆያ ተወስዶ ነበር፤ ከመካከላቸው ሥራ ያጡ ነበሩ። ለእትዬ መልእክት መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። እንደገና ጀምሬ በጣም የሚያስደነግጥ መሰለኝና አለዘብኩት፤ ሲለዝብ ደግሞ ምንም የማይል ሆነ። የሴትዮዋን አስተያየት ግን አላጠፋሁትም። «እናመሰግናለን እህታችን» ብዬ መለስኩላት።

ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ላይ ነበርኩ። መምህሩ ስም እየጠራ ነው፤ ስሜ እስኪደርስ ጣቴን የማይክራፎኑ ምልክት ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ከመስኮቱ ወደ ታች ሳይ ነጩ መኪና ቆሟል። እትዬ ጥቁር ከረጢታቸውን ይዘው ወጡ፤ ጭምብላቸውን አስተካክለው ከኋላ ገቡ። መስኮቱ ይከፈታል፤ ብጮህ ይሰማሉ፤ አራተኛ ፎቅ ነው። ስሜ ተጠራ። «አለሁ» አልኩ። መኪናው ሄደ።

ጋሼ ከቀትር በኋላ ደወለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። «ሐኪሙ እውነት ነው አለኝ። ዛሬ ሥራ ናት እንዴ?» አለ። «ጠዋት ሄዱ» አልኩት።

ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መግቢያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከመኪናው ወርደው ሲያዩኝ «ተማሪዋ! ማን ቀጠረሽ?» ብለው ቀለዱ። ራቅ ብዬ ቆሜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የሕንፃውን ወለል የሚያጥበው ሰውዬ በሩ ጥግ ያስቀመጠውን የበረኪና ባልዲ አዩ። ሄደው ጎንበስ አሉበት። ጭምብላቸውን አውርደው በረጅሙ ሳቡ፤ ዓይናቸው ቀላ፤ እንባቸው ወረደ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ከባልዲው ሁለት እርምጃ ርቄ እንኳ ሽታው እኔን ያስለኝ ነበር።

«ምንም» አሉኝ። «ምንም የለም፣ የኔ ልጅ።»

እዚያው ቆመው ለማዳም ደወሉ። አረብኛቸው የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ ግን ማዳም ገባት። ቅዳሜ ሹፌሩን አትላኪ አሏት። ትልቋን ማዳም ሐኪም ይያት አሏት። ስልኩ ውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ተዘጋ። ከዚያ ወደ ክፍላቸው አልወጡም። አብረዋቸው የሚተኙት ሴቶች ብርድ ልብስና ልብስ በከረጢት አድርገው ደረጃው ላይ አኖሩላቸው። ጋሼ ደውሎ መኪና አስመጣላቸው። ሲመረመሩ ቫይረሱ ተገኘባቸው።

ጋሼ ቪዲዮውን በዚያኑ ዕለት አጠፋው። እኔንም አልወቀሰኝም፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ልጅ ነሽ» አለኝ፤ ይህንን ማለቱ ግን አላቀለለልኝም። ቪዲዮው በእኛ ገጽ ላይ ጠፋ እንጂ አልጠፋም። ሌሎች ወስደውት ነበር። ዕቃውን የሚሸጡ ሌሎች ገጾች የእኛን ጽሑፍ ሸፍነው የራሳቸውን ለጠፉ። እትዬ ተለይተው በተቀመጡባቸው ሳምንታት የድምፃቸው ድግግሞሽ በየቦታው ተከተለኝ። አሳንሰር ውስጥ ከአንዲት ልጅ ስልክ። ከጎረቤት ግድግዳ ማዶ። የገመዱ ኩርር፣ ኩርር፣ ኩርር፤ አሥር ጊዜ፤ ከዚያ ያ የመገረም ድምፅ። እኔ ያጎላሁት ድምፅ ነው፤ የትም ቢሆን ጥርት ብሎ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ ገመዱ ሲሳብ ስሰማ በአሥረኛው ሌላ ነገር ይሉ ይሆናል ብዬ ቆሜ እጠብቅ ነበር። አይሉም።

ስልክ ስደውልላቸው «ደህና ነኝ» ይሉኝ ነበር፤ ትንፋሻቸው በመሀል ይቆማል። አንድ ቀን ራሳቸው ደወሉ። ትልቋ ማዳም ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ ሞተች። ይህን ነግረውኝ ስልኩን አልዘጉም፤ እኔም አልዘጋሁም። ትንፋሻቸውን እሰማ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ተመለሱ። ከስተዋል። ጋሼ እስከ ሕንፃው በር አድርሷቸው ተመለሰ፤ ከረጢታቸውን እኔ ተቀበልኩ። አሳንሰሩ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል ተብሎ ሰልፍ ስለነበረ በደረጃ ወጣን። ከሁለተኛው ፎቅ በታች ባለው መታጠፊያ ላይ ደክሟቸው ተቀመጡ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«የትልቋ ማዳም ትልቁ ወንድ ልጅም በመጨረሻው በረራ ከውጭ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ያስለው ነበር። ከእሱ ይሁን ከእኔ ማን ያውቃል። ማዳም ግን ከእኔ ነው የምትለው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያቺ የጣሊያኗ ልጅ የጻፈችው መቼ ነበር?»

«ረቡዕ።»

«አንቺ መቼ አየሽው?»

ሐሙስ ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም።

«ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ።»

እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት። «ሐሙስ ሾርባዋን እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር» አሉ። «ትንሽ ነው የምትጎርሰው። በየመሀሉ አፏን እጠርግላታለሁ። ያን ቀን ሁሉንም ጨረሰች።»

«እትዬ...»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋሼ ቆዪ አለኝ። እሺ አልኩት።»

«እሺ አልሽው» አሉ። እንደ ጥያቄ አልነበረም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ከፍተው ሰጡኝ። «ለማዳም ጻፊልኝ። በደህና አረብኛ፤ አንቺ ተምረሻል። የምልሽን ብቻ ጻፊ፤ አታሳምሪው።»

እንደሚናገሩት ጻፍኩ። ሰኞ ሽንኩርት ሲያር አልሸተተኝም። ጾም መሰለኝ። ማክሰኞም አልሸተተኝም። ረቡዕ ይህን የምትጽፍልኝ ልጅ በሽታው ሊሆን እንደሚችል አወቀች፤ አልነገረችኝም። ሐሙስ መጣሁ።

«አልነገረችኝም» የሚለው ላይ ጣቴ ቆመ። እትዬ ጠበቁኝ። ጻፍኩት።

«አንብቢልኝ።»

በአማርኛ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልኩን ተቀብለው በራሳቸው ጣት ላኩት። ስልኩን ደረጃው ላይ፣ በመካከላችን አስቀመጡት። ትንሽ ቆይቶ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ማዳም መጻፍ መጀመሯ ታየ፤ ቆመ፤ እንደገና ታየ፤ ጠፋ።

«ተነሺ እንግዲህ» አሉኝ። ስልካቸውን አንስተው፣ ከረጢታቸውን ከእኔ እጅ ተቀብለው የቀረችውን ደረጃ ብቻቸውን ወጡ።